ከአፑ ወደ ቴሌግራም፦ ጅማ ላይ ቁጥር ስለመጠየቅ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ቲንደርና ባዱ ላይ ያሉ ልጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደሚያስቸግረው እንሄዳለን።

ማች ካደረግን በኋላ ስንት ቀን ቆይቼ ልጠይቅ?

ቀን አትቁጠር። በሁለተኛው ቀን የሚሰጥ ሰው አለ፣ ወር ሙሉ አውርቶም የማይሰጥ አለ። የምታየው ሌላ ነገር ነው፦ እሷም ትጠይቅሃለች ወይ? «ምን ትማሪያለሽ?» ስትላት «ፋርማሲ»፣ «ስንተኛ ዓመት?» ስትላት «3ኛ»፣ «ጅማን ወደድሻት?» ስትላት «አዎ» ብቻ የምትል ከሆነ ጨዋታ አልጀመራችሁም፣ ፖሊስ ጣቢያ ቃል እየተቀበልክ ነው። እዚህ ላይ ቁጥር ብትጠይቅ በጣም በትህትና ብትለውም ችክ ያልክ ነው የሚመስለው። «አንተስ ከየት ነህ? አጋሮ? እኔ እኮ አክስቴ እዚያ አለች» ብላ ወሬውን ራሷ ከገፋችው ግን በር ተከፍቷል።

ሌላው ምልክት ወሬያችሁ ከአፑ ውጭ ያለ ነገር ላይ መድረሱ ነው። ልታሳያት የፈለግከው ፎቶ፣ አብራችሁ ልትሄዱበት ያሰባችሁት ቡና ቤት፣ የምትልክላት የትምህርት ፋይል። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲመጣ ጥያቄው ምክንያት ይዞ ስለሚመጣ አይከብድም። ምንም ሳይኖር ዝም ብሎ «ቁጥርሽን» ማለት ግን ልጅቷን «ለምን ፈለገው?» ብላ እንድታስብ ያደርጋታል፣ ማሰቧም ትክክል ነው።

በጣም አትቆይ ደግሞ። ብዙ ሰው አፑን የሚከፍተው ዋይፋይ ሲያገኝ ነው፣ ሲሰለቸውም ያጠፋዋል። ሞቅ ያለ ወሬ ላይ እያለህ ሳትጠይቅ ብትተወው በሚቀጥለው ሳምንት ፕሮፋይሏ ላይኖር ይችላል።

ስልክ ቁጥር ይሻላል ወይስ ቴሌግራም?

ቴሌግራም፣ እሱም በዩዘርኔም። ብዙ ወንዶች ሁለቱን አንድ አድርገው ያዩታል። አንድ አይደሉም። ስልክ ቁጥር ብዙ ነገር ይዞ ይሄዳል። በቴሌብር ብር ልላክ ብሎ ቁጥሩን ያስገባ ሰው የባለቤቱን ስም ያያል። ትሩኮለር ያለው ሰው ደግሞ ሌሎች ያንን ቁጥር በምን ስም እንደመዘገቡት ሊያገኝ ይችላል። አፑ ላይ በቅጽል ስም ያለች ልጅ በአንድ ቁጥር የአባቷ ስም ድረስ ታወቀች ማለት ነው። ጅማ ደግሞ የአባትን ስም ከሰማ በኋላ «የነእገሌ ልጅ ናት፣ ቤታቸው አጂፕ ጋ ነው» የሚል ሰው የማይጠፋባት ከተማ ናት።

ሁለተኛ፣ ቁጥር አንዴ ከወጣ አይመለስም። አፑ ላይ ካልተመቻት አንማች ታደርግሃለች፣ ቲንደር ላይ ከሆነ ወሬው ራሱ ከሁለታችሁም ይጠፋል። ቴሌግራም ላይ ብሎክ ታደርግሃለች፣ ከፈለገችም ዩዘርኔሟን ትቀይራለች። ቁጥሯን ከሰጠችህ ግን በ09ኙ ብትዘጋህ በ07ቱ መደወል ትችላለህ። አንተ ባታደርገው እንኳ የሚያደርግ ሰው ስላጋጠማት ነው የምትጠነቀቀው። ቁጥሯን ለመቀየር ደግሞ ባንኩም፣ ቴሌብሩም፣ ትምህርት ቤቱም ያለው በዚያው ቁጥር ነው። ስለዚህ ዩዘርኔም ስትጠይቅ ትንሽ ነገር ነው የጠየቅከው፣ ትንሽ ነገር ደግሞ ቶሎ ይሰጣል።

ዋትስአፕ ላይስ ያልክ እንደሆነ፣ እዚያ በተለምዶ የሚታየው ቁጥሩ ራሱ ስለሆነ «ዋትስአፕ አለሽ?» ማለት ቁጥር መጠየቅ ነው።

እሺ፣ ምን ብዬ ልጠይቅ?

አንድ ምሳሌ እንይ። ልጁ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ይማራል፣ ልጅቷ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሒሳብ ትሠራለች። ቲንደር ላይ ሲያወሩ ወሬያቸው ቦዬ ላይ ደረሰ። እሷ ከ8ኛ ክፍል ወዲህ እንዳልሄደች ነገረችው፣ እሱ ደግሞ ባለፈው እሁድ ከጓደኞቹ ጋር ሄዶ ወፎቹን ፎቶ አንስቷል። «አሁንም ጉማሬ አለ?» ብላ ጠየቀችው። እሱም እንዲህ ጻፈ፦

«ጉማሬውን አላየሁም፣ ወፎቹን ግን አንስቻቸዋለሁ። ልልክልሽ ነበር፣ እዚህ ግን ፎቶ አይላክም። ቴሌግራም ከተመቸሽ ዩዘርኔሜ ይሄ ነው። ካልተመቸሽም ችግር የለም፣ እዚሁ እናወራለን።»

ቀላል ነው የሚመስለው፣ ግን ሦስት ነገር ሠርቷል። ምክንያቱ ከወሬያቸው የመጣ ነው፣ የፈጠረው አይደለም። የሷን ሳይጠይቅ የራሱን ነው የሰጠው፣ ስለዚህ መቼ እንደምትጽፍ፣ ጭራሽ እንደምትጽፍም የምትወስነው እሷ ናት። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ደግሞ እምቢ ማለትን ቀላል አድርጋላታለች። እምቢ ማለት ሲቀል እሺ ማለትም ይቀላል፤ መውጫ ያጣ ሰው ነው ዝም ብሎ የሚጠፋው።

እሷ «እሺ ማታ አያለሁ» አለች፣ ማታ ግን አልጻፈችም። እሱም «ገባሽ?» አላለም። በማግስቱ ወሬው አፑ ላይ ስለ ሥራዋ ቀጠለ። አመሻሽ ላይ ቴሌግራም ላይ «ወፎቹስ?» የሚል መጣ። እሱ «ሃይ፣ እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ ወይ» እያለ ከዜሮ አልጀመረም፣ አራት ፎቶ ላከና የቱ ወፍ እንዳስቸገረው ጻፈላት። ይሄኛው በደንብ ይያዝ፣ ብዙዎች ተሻግረው የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው። ወሬው ሌላ ቤት ገባ እንጂ አዲስ አይደለም፣ ካቆማችሁበት ቀጥል።

አሁን ይሄንን ደግሞ አንብበው፦ «እዚህ ብዙ አልገባም፣ ቁጥርሽን ላኪልኝ።» ትእዛዝ ነው። ምክንያቱም ለሱ ምቾት ብቻ ነው። እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ ግን ልጅቷ ይሄንን ዓረፍተ ነገር ከብዙ ሰው ሰምታዋለች።

የኔን ሰጥቼ ካልጻፈችልኝስ?

አፑ ላይ ማውራቷን ከቀጠለች መልሱ «አይ» አይደለም፣ «ገና ነኝ» ነው። ስለ ዩዘርኔሙ ድጋሚ አታንሳ። አንዴ ሰጥተሃል፣ እዚያው ቻቱ ውስጥ አለ፣ ስትፈልግ ወደላይ ስባ ታገኘዋለች። «አልመቸሁሽም መሰለኝ» የምትል አሽሙርማ ጭራሽ አትሞከርም።

አፑ ላይም ቴሌግራም ላይም ዝም ካለች ግን ነገሩ አልቋል። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ቀለል ያለ መልእክት መላክ ይቻላል፣ ሁለተኛውን ግን ተወው።

ዩዘርኔም ስሰጥ ስልክ ቁጥሬ ይታያል ወይ?

እንደ ሴቲንግህ ነው፣ ስለዚህ ከመስጠትህ በፊት ግባና እየው። መጀመሪያ ዩዘርኔም ከሌለህ Settings ውስጥ Username የሚለው ጋ ታወጣለህ፤ ቢያንስ 5 ፊደል፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ሙሉ ስምህን ከነአባትህ አታድርገው። ቀጥሎ Privacy and Security፣ ከዚያ Phone Number። ማን ቁጥሬን ይይ የሚለውን Nobody አድርገው። ይሄን ስታደርግ ከሥሩ በቁጥሬ ማን ያግኘኝ የሚል ሌላ ምርጫ ይመጣል፣ እሱን ደግሞ My Contacts አድርገው። እዚያው Calls የሚለውን My Contacts ካደረግከው ኮንታክት ውስጥ ያልገባ ሰው በቴሌግራም ሊደውልልህ አይችልም።

ብዙ ሰው የሚሸወድባት አንዲት ነገር አለች። አዲሱን ሰው ኮንታክት ውስጥ ስትጨምረው ቁጥሬን አጋራ የምትል ምልክት ማድረጊያ አለች፣ Share የምትል። እሷ በርታ ከቆየችና ዝም ብለህ ካለፍካት ያ ሁሉ ሴቲንግ ለሱ አይሠራም፣ ቁጥርህ ይደርሰዋል። ኮንታክት ሳታደርግም ማውራት ስለሚቻል መጀመሪያ አካባቢ ጭራሽ ባትጨምረው ይሻላል።

ቁጥር ተደበቀ ማለት ግን ሁሉ ነገር ተደበቀ ማለት አይደለም። ሁለታችሁም ያላችሁበት ግሩፕ ካለ ፕሮፋይል ላይ ይታያል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የአንድ ዲፓርትመንት ግሩፕ ውስጥ ያለች ልጅ ምን እንደምትማርና ስንተኛ ዓመት እንደሆነች ሳትናገር ታወቀች ማለት ነው። ይሄንን የማትፈልግ ልጅ ለዚህ ብቻ ሌላ አካውንት ብትከፍት አያስገርምም፣ አንተም ያንን እንደ ተንኮል አትየው።

«ቆይ እስቲ ትንሽ እንተዋወቅ» አለችኝ። እምቢ ማለቷ ነው?

አይደለም፣ ቃሏን እንዳለ ውሰደው። «ችግር የለም» በልና ወደ ወሬው ተመለስ፣ እዚያው ላይ ሌላ ጥያቄ አንሳ። ብዙ ጊዜ ሰው የሚለካህ በጠየቅከው ነገር አይደለም፣ «ቆይ» ከተባልክ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ነው። «ለምን? አታምኚኝም? እኔ እንደሌሎቹ አይደለሁም» ያለ ልጅ እንደሌሎቹ መሆኑን አሁን አሳየ።

ድጋሚ መቼ ላንሳው ካልክ፣ አታንሳው፣ እሷ ታነሳዋለች። አንድ ነገር ብቻ ይሄን ይለውጠዋል፦ ልትገናኙ ቀን ከቆረጣችሁ። «ቅዳሜ 9 ሰዓት ቡና» ካላችሁ በኋላ «መንገድ ላይ ኔትወርክ ቢጠፋ እንዳንጠፋፋ በምን ላግኝሽ?» ማለት ማንንም አያስከፋም። እሷ አሁንም «እዚሁ ጻፍልኝ» ካለች ቦታውንና ሰዓቱን አጥብቃችሁ ተነጋገሩና በዚያው ሂድ። ቁጥር ሳይለዋወጡ የተገናኘ ሰው ብዙ ነው።

ቁጥሯን ራሷ ሰጠችኝ። ልደውል?

ሳትጽፍ አትደውል። ስልኩ በማን ፊት እንደሚጮህ አታውቅም። ሥራ ላይ ትሆናለች፣ ወይ እናቷ ጎን ተቀምጣ ቡና እያፈላች ይሆናል፣ ያልተመዘገበ ቁጥር ሲደወል «ማነው?» የሚል ሰው እዚያ ቤት አለ። «ልደውልልሽ? መቼ ይመችሻል?» ብሎ መጻፍ ብዙ ነገር ያድናል። መልሱ «ማታ 1 ሰዓት» ከሆነ 1 ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት አይደለም። ረመዳን ከሆነና ጿሚ ከሆነች የማፍጠሪያውን ሰዓት ራስህ እወቀው፣ እስክትነግርህ አትጠብቅ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ደግሞ ጽሑፍም ቢሆን እሷ ካልጀመረችው ለነገ ይደር።

አንዴ ደውለህ ካላነሳች ያ አንድ ሚስኮል ይበቃል። ስልኳን ስትከፍት ሰባት ሚስኮል ያየች ልጅ ሰው ሞተ ብላ ነው የምትደነግጠው፣ ያንተ መሆኑን ስታይ ደግሞ ትናደዳለች። በመጀመሪያው ሳምንት ኮልሚባክ መላክ ደግሞ አይደረግም፤ ካርድ ከሌለህ እስክትሞላ ቆይ።

ገና «ሰላም» ሳይለኝ ቁጥር ይጠይቀኛል። ምን ልበለው?

ማብራሪያ የለብሽም። «ለጊዜው እዚሁ ነው የማወራው» በቂ ነው፣ ይቅርታም አይጨመርበት። ብዙ ሴቶች ለማለሳለስ ብለው «ስልኬ ተበላሽቷል»፣ «ወንድሜ ነው የሚይዘው» ይላሉ። ችግሩ ምክንያት ስትሰጪው እሱ ምክንያቱን ሊፈታልሽ ይነሳል፣ «ሲሠራ ላኪልኝ» ይልና ነገ ተመልሶ ይመጣል። አጭሩ መልስ ግን የሚይዘው ነገር የለውም። አንዴ ተናግረሽ ድጋሚ ከነዘነዘሽ መልስ አትስጪ፣ አንማች አድርጊው።

የሐሰት ቁጥር መስጠትን አልመክርም። ቁጥሩ የሆነ ሰው ነው፣ ያ ምስኪን ሌሊት ሲደወልለት ሊያድር ነው። ደግሞ ዛሬ ሰው እዚያው ደውሎ ያረጋግጣል፣ ፊት ለፊት ከሆናችሁ ነገሩ ይከርራል።

ቶሎ ወደ ሌላ ቦታ የሚጎትት ሁሉ ችኩል ብቻ አይደለም፣ ሌባም አለ። አፑ ላይ ሪፖርት ስለሚደረግበት ከዚያ ሊያወጣሽ ይቸኩላል። ቴሌግራም ላይ ከገባችሁ በኋላ «ኮድ በስህተት አንቺ ጋ መጣ፣ ላኪልኝ» ካለ ያ ኮድ የራስሽ አካውንት መግቢያ ነው። ከላክሽው ቴሌግራምሽ ተወሰደ፣ ቀጥሎ ለጓደኞችሽ ባንቺ ስም ብር የሚጠይቀው እሱ ነው። ኮድ ለማንም አይሰጥም። በዚያው Privacy and Security ውስጥ Two-Step Verification የሚለውን ከፍተሽ የይለፍ ቃል ብታስገቢ ኮዱን ቢያገኝ እንኳ በሱ ብቻ አይገባም። ፊቱን በቪዲዮ ሳታዪው ካርድ ሙዪልኝ፣ ብር ላኪልኝ ለሚልሽም መልሱ ያው ነው። ወንዶችም ይሄን አንብቡት፣ እናንተ ላይም በደንብ ይሠራል።

ጓደኛዬ ያውቃታል፣ ቁጥሯን ከሱ ብቀበልስ?

ጅማ ላይ ይሄ ጥያቄ የማይቀር ነው። ፎቶዋን ለአንድ ልጅ ብታሳየው «እንዴ፣ እሷማ ከእህቴ ጋር ነው የተማረችው» ይልሃል። ቁጥሯ በአምስት ደቂቃ እጅህ ይገባል። ግን አትውሰደው። አንተ «እንዳወቅኳት» ታስባለህ፣ እሷ ጋ የሚደርሰው ግን ያልሰጠችው ሰው ቁጥሯን ይዞ መደወሉ ነው። ከዚያም አልፎ አፑ ላይ መሆኗን ለጓደኛህ ነገርክበት። እሷ ለእህቷም ያልነገረችው ሊሆን ይችላል፣ ነገ ወሬው መርካቶ ደርሶ ይጠብቃታል። ፎቶዋን ስታሳይ ነው ያበላሸኸው፣ ቁጥሩ ሁለተኛ ጥፋት ነው።

የጋራ ግሩፕ ውስጥ አግኝተሃት በቴሌግራም «አገኘሁሽ፣ ቲንደር ላይ ያለሁት ነኝ» ብለህ መጻፍም ያው ነው። ለአንተ ቀልድ ነው፣ ለእሷ ተፈልጋ መገኘቷ ነው። በተለይ አፑ ላይ «ቆይ» ካለችህ በኋላ ከሆነ መልሷን ረግጠህ አለፍክ።

የጋራ ሰው መኖሩን ካወቅክ ደግሞ እንዳላወቀ ሰው አትሁን፣ ቆይቶ ሲታወቅ ይብሳል። አፑ ላይ እዚያው በግልጽ ጻፍላት፦ «ወሬያችን ውስጥ የጠቀስሽውን ልጅ አውቀዋለሁ፣ አብረን ነው የተማርነው። ስለኛ አልነገርኩትም፣ አልነግረውምም።» ከዚህ በኋላ የምትልህን ስማ። አንዳንዷ «በቃ እንግዲህ» ብላ ትዘጋለች፣ መብቷ ነው። አንዳንዷ ደግሞ ልጁን ራሷ ደውላ ስላንተ ትጠይቀውና በማግስቱ ዩዘርኔሟን ትልካለች፤ ስለዚህ ያ ልጅ ስላንተ ምን እንደሚል ከወዲሁ ብታስብበት አይከፋም።